ምልክቱ ልክ ነው፣ ውጤቱ ግን አይታይም፦ የአንድ የማስተማሪያ ገጽ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ ዳራ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ የውሃ መስመር ዕቃ የሚሸጥ አንድ መደብር አለ። በአካባቢው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ በመሆኑ ሮቶ፣ ፓምፕና ፍሎተር የመደብሩ ዋና ሸቀጦች ናቸው። ደንበኞች ዕቃውን ገዝተው ከሄዱ በኋላ ስለ አገጣጠሙ ደጋግመው እየደወሉ ስለሚጠይቁ፣ የመደብሩ ባለቤት በድርጅታቸው ድረ ገጽ ላይ አንድ የማስተማሪያ ገጽ በአማርኛ እንዲዘጋጅ አደረጉ። ገጹ በግቢ ውስጥ የተቀመጠን ሮቶ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ጋር በፓምፕ ማገናኘትን ደረጃ በደረጃ ያስረዳል፤ ከታች ደግሞ ደንበኞች ዘወትር የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይዟል።

ገጹን በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ የሠራው አንድ ወጣት ባለሙያ ነበር። በሥራ ውሉ ውስጥ ገጹ ለፍለጋ ሞተሮች የሚሆን ምልክት እንደሚደረግለት ተጽፏል፤ ከውሉ ጋር የተያያዘው ምስልም የአንድ ድረ ገጽ የፍለጋ ውጤት ከሥሩ ተዘርግተው የሚከፈቱ አራት ጥያቄዎችን ይዞ ያሳያል። ባለሙያው ለጥያቄና መልሱ `FAQPage` የተባለውን፣ ለደረጃ በደረጃ መመሪያው ደግሞ `HowTo` የተባለውን ምልክት አስገብቷል። የመጀመሪያውን የድረ ገጹ ተቀጥላ ፕለጊን በራሱ ያወጣው ነበር፤ ሁለተኛውን ባለሙያው በእጁ ጻፈው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ እነዚህ ምልክቶች ጎብኚው የማያያቸው፣ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚቀመጡ አጫጭር የመረጃ ጽሑፎች ናቸው። ቃላታቸው የተወሰደው ጎግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. በጋራ ከመሠረቱት schema.org ከተባለው መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ የጋራ ይሁን እንጂ ከምልክቶቹ ውስጥ የትኛውን ወደ ልዩ የውጤት አቀራረብ እንደሚለውጥ የሚወስነው እያንዳንዱ የፍለጋ ሞተር ለብቻው ነው። በዚህ ጉዳይ የተነሣው ውዝግብ በሙሉ የመነጨው ይህ ልዩነት ስላልተለየ ነበር።

ችግሩ

በ2016 ዓ.ም. የበጋ ወራት የመደብሩ ባለቤት ጉዳዩን እንድመለከተው ጠየቁኝ። አቤቱታቸው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው፣ ገጹ በተሠራ ሰሞን በጎግል ሲፈለግ ከሥሩ ጥያቄዎች ይወጡ የነበረ ሲሆን ከነሐሴ ወዲህ ጠፍተዋል። ሁለተኛው፣ የመመሪያው ደረጃዎች ከነጭራሹ ታይተው አያውቁም። ባለሙያው በነሐሴ ወር ፕለጊኑን አድሶ ስለነበር፣ ባለቤቱ ጥፋቱን በእድሳቱ ላይ አድርገው የወር ክፍያውን ይዘውበታል። ባለሙያው በበኩሉ የጎግልን መመርመሪያ በስልኩ ከፍቶ፣ የጥያቄና መልሱ ምልክት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታይ አሳይቷቸዋል። የባለቤቱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ልክ ነው ካለ፣ ታዲያ ለምን አይታይም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን «ልክ ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸፍን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ምልክት በውጤት ገጽ ላይ እንዲታይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ጽሑፉ በማሽን መነበብ አለበት፣ ምልክቱ የፍለጋ ሞተሩ ለዚያ ዓይነት ድረ ገጽ የሚቀበለው መሆን አለበት፣ በመጨረሻም የፍለጋ ሞተሩ በዚያ ፍለጋ ላይ ለማሳየት መምረጥ አለበት። መመርመሪያው በአረንጓዴ የሚያረጋግጠው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ከፊል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ፦ ምልክቱ ይነበባል ወይ?

ሥራውን የጀመርነው ታይቶ ከማያውቀው ከ`HowTo` ነው። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል በተባለው መገልገያ ውስጥ «Unparsable structured data» የሚል ሪፖርት ወጥቶ ስለነበር፣ መነሻችን እርሱ ሆነ። ሪፖርቱ የሚናገረው ምልክቱ ትክክል ወይም ስሕተት ስለመሆኑ ሳይሆን ጭራሽ ሊነበብ እንዳልቻለ ነው። ኮዱን ስንከፍተው ምክንያቱ ወዲያው ታየ፦

```
{
  "@type": "HowToStep",
  "name": "ቼክ ቫልቭ መግጠም"፣
  "text": "ቫልቩን ከፓምፑ መውጫ በኋላ ግጠም።"
}
```

ባለሙያው ጽሑፉን የጻፈው የግዕዝ ኪቦርድ እንደበራ ስለነበር፣ ከመጀመሪያው ዋጋ በኋላ የላቲኑ ኮማ መግባት ሲገባው ነጠላ ሰረዝ ገብቷል። በጥቅስ ምልክቶቹ ውስጥ ያለ የግዕዝ ሥርዓተ ነጥብ ምንም ጉዳት የለውም፤ ከሁለተኛው ዋጋ ውስጥ ያለው አራት ነጥብም በትክክል ይነበባል። ከጥቅሱ ውጭ ያለው ግን የቋንቋው ሰዋስው አካል ስለሆነ መተካት የለበትም። በተመሳሳይ መንገድ ጽሑፉ ከቃላት ማቀናበሪያ ፕሮግራም ተገልብጦ ሲለጠፍ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማነት ይቀየራል፤ በላቲኑ ሁለት ነጥብ ፋንታም የግዕዙ ይገባል። በአማርኛ ገጾች ላይ የማገኛቸው የማይነበቡ ምልክቶች አብዛኛዎቹ ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ውጤት ናቸው። ነጠላ ሰረዟ ያጠፋችው አንዱን ደረጃ ብቻ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚነበበው እንደ አንድ ሙሉ አካል ስለሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አብረው ወደቁ።

ነጠላ ሰረዟን አርመን ገጹን እንደገና መረመርነው። ሪፖርቱ ጠፋ፤ ደረጃዎቹ ግን አሁንም አልታዩም። እውነተኛ ጥፋት አግኝቶ ማረም የጠፋውን ውጤት ምክንያት ማግኘት አለመሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ «ጊዜ ይፈልጋል» ብሎ መጠበቅ ይጀምራል፤ እኛም ምርመራውን እዚያው አቁመን ቢሆን ኖሮ እስካሁን እየጠበቅን ነበር።

ሁለቱ መመርመሪያዎች ለምን ተለያዩ?

ቀጣዩ እርምጃ ያንኑ ገጽ በሁለት መመርመሪያዎች ጎን ለጎን ማየት ነበር። አንዱ የጎግሉ Rich Results Test ነው፤ ሌላው validator.schema.org ላይ ያለው ነው። የሁለተኛው መመርመሪያ መልስ በገጹ ላይ `FAQPage` እና `HowTo` እንዳሉና በሁለቱም ላይ ስሕተት እንደሌለ ነበር። የጎግሉ ግን ያገኘው ጥያቄና መልሱን ብቻ ነበር፤ ስለ `HowTo` ስሕተትም ማስጠንቀቂያም ሳይሰጥ እንደሌለ አድርጎ አልፎታል።

ልዩነቱ የመመርመሪያዎቹ ብልሽት አይደለም። validator.schema.org የሚጠይቀው ጽሑፉ በመዝገበ ቃላቱ መሠረት በትክክል ተጽፎ እንደሆነ ነው። Rich Results Test የሚጠይቀው ደግሞ ጎግል ወደ ልዩ አቀራረብ የሚለውጠው ዓይነት ምልክት በገጹ ላይ አለ ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት በመጀመሪያው ላይ ያለ ስሕተት ተነብቦ በሁለተኛው ላይ ፈጽሞ ካልተጠቀሰ፣ ችግሩ ከአጻጻፉ ሳይሆን የፍለጋ ሞተሩ ያንን ዓይነት ምልክት ከመጠቀም ከማቆሙ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል።

በእኛ ጉዳይ ጥርጣሬው ልክ ነበር። ጎግል የጥያቄና መልስ እና የመመሪያ ልዩ አቀራረቦችን ያስተዋወቀው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ኦገስት 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የመመሪያ አቀራረብ በስልክ ላይ መታየቱን እንደሚያቆምና በኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደሚታይ አሳወቀ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ከሴፕቴምበር 13 ቀን፣ ማለትም ከመስከረም 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኮምፒውተርም ላይ መታየቱን አቆመ። የመደብሩ ገጽ የ`HowTo` ምልክት በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊታይ የሚችልበት ዕድል ነበረው፤ እኛ ባረምንበት ጊዜ ግን የሚቀበለው አልነበረም።

ጥያቄና መልሱ ለምን ጠፋ?

የጥያቄና መልሱ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳች ነበር፤ ምክንያቱም መመርመሪያው ምልክቱን አግኝቶ በአረንጓዴ ያሳይ ነበር። በዚያው በኦገስት 8ቱ ማስታወቂያ ጎግል ይህ አቀራረብ ከዚያ በኋላ የሚታየው በሚገባ ለሚታወቁና ተአማኒ ለሆኑ የመንግሥትና የጤና ድረ ገጾች ብቻ እንደሚሆን ገልጿል። አቀራረቡ ጨርሶ ስላልተሰረዘ መመርመሪያው ምልክቱን ማወቁን ቀጠለ። ይሁንና መመርመሪያው ምልክቱን ሲያነብ ገጹ የጤና ተቋም ይሁን የቧንቧ ዕቃ መደብር አይመዝንም። ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ገጽ ላይ እያሉ፣ አንዱ «የለም» ሲባል ሌላው «ልክ ነው» ተብሎ፣ ሁለቱም ሳይታዩ ቀሩ። ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነበር፤ የመጀመሪያው አቀራረብ ለሁሉም ተዘግቷል፣ ሁለተኛው ለዚህ ዓይነት ድረ ገጽ ተዘግቷል።

ይህ ግን አጠቃላይ ዕውቀት እንጂ በዚህ ገጽ ላይ የሆነውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልነበረም። የባለቤቱ ጥርጣሬ ባለሙያው ባደረገው እድሳት ላይ ስለነበር፣ የትኛው እንደቀደመ ማሳየት ነበረብን። የሰርች ኮንሶል የአፈጻጸም ሪፖርት ያለፉትን 16 ወራት መረጃ ይይዛል፤ በውስጡም ውጤቱን በአቀራረቡ ዓይነት ለይቶ የሚያሳይ «Search appearance» የሚባል ማጣሪያ አለ። በዚህ ማጣሪያ የጥያቄና መልሱን አቀራረብ ብቻ ለይተን መስመሩን በቀን ስናየው፣ ከገጹ መከፈት ጀምሮ ይታይ የነበረው መስመር በኦገስት አጋማሽ ተዳክሞ ወደ ዜሮ ወርዷል። የፕለጊኑ እድሳት በድረ ገጹ መዝገብ ላይ የተመዘገበው ግን በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት፣ መስመሩ ከወረደ በኋላ ነው። ውጤት ከምክንያቱ ሊቀድም ስለማይችል ባለሙያው ከክሱ ነጻ ወጣ። ባለቤቱም ይህን መስመር ካዩ በኋላ የያዙበትን ክፍያ ለቀቁ።

በውሉ ላይ የተያያዘው ምስልም የራሱን ታሪክ ይናገር ነበር። ጎግል ከጁን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ውጤት ሥር የሚያሳያቸውን ጥያቄዎች ቢበዛ ወደ ሁለት ዝቅ አድርጓል። ምስሉ ላይ ያሉት ጥያቄዎች አራት ስለሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተነሣ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህም ማለት ምስሉ ውሉ በተፈረመበት ቀን ራሱ ሊገኝ የማይችል ውጤት እንደ ናሙና ያሳይ ነበር።

በገጹ ላይ የተገኙ ሌሎች ጥፋቶች

እድሳቱ ለጠፋው ውጤት ተጠያቂ ባይሆንም ንጹሕ አልነበረም። ፕለጊኑ ከታደሰ በኋላ የጥያቄና መልሱ ምልክት በማስተማሪያው ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ የሸቀጥ ገጽ ግርጌ መውጣት ጀምሯል። የጎግል መመሪያ አንድ ዓይነት ጥያቄና መልስ በብዙ ገጾች ላይ ሲደጋገም ከመካከላቸው በአንዱ ላይ ብቻ ምልክት እንዲደረግ ይጠይቃል።

ከዚህ የከፋው ግን ገጹ በስልክ ሲከፈት የታየው ነው። የድረ ገጹ ንድፍ የስልክ ስክሪን ቦታ ለመቆጠብ ሲል የጥያቄና መልሱን ክፍል በስልክ ላይ ይደብቀዋል፤ ምልክቱ ግን በኮዱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጎግል ገጾችን የሚመዘግበው በዋናነት እንደ ስልክ ሆኖ በሚያስሰው ፕሮግራም ስለሆነ፣ ለእርሱ ገጹ በምልክቱ የሌለ ነገር እንዳለ የሚናገር ሆነ። መመሪያው በምልክቱ ውስጥ ያለ ጥያቄና መልስ ሁሉ ለጎብኚው የሚታይ እንዲሆን በግልጽ ያዛል። ጎብኚው ሲጫን የሚከፈት፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ መልስ ይፈቀዳል፤ ጭራሽ ሊከፈት የማይችል ግን አይፈቀድም። ይህን ዓይነት ልዩነት ጎግል እንደ ማታለል ቆጥሮ በሰው እጅ የሚጣል ቅጣት ሊያስተላልፍ ይችላል። ቅጣቱ ገጹን ከልዩ አቀራረቦች የሚያስወጣ እንጂ በተራ ውጤቶች ውስጥ ያለውን ደረጃ የሚቀንስ አይደለም። በሰርች ኮንሶል «Manual actions» ሥር ስንመለከት በመደብሩ ላይ የተጣለ ቅጣት አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ጥፋት ሊታረም የሚገባው ቢሆንም የጠፋውን ውጤት እንደማያስረዳ ለየን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በንባብ ብቻ ተገኘ። በእጅ የተጻፈው የ`HowTo` ምልክት በገጹ ላይ ካለው መመሪያ ጋር አይስማማም ነበር። ባለቤቱ ከቧንቧ ሠራተኞች በሰሙት ምክር መሠረት በግቢው ሮቶ ውስጥ ሁለተኛ ፍሎተር እንዲገጠም የሚል ደረጃ በገጹ ላይ አስጨምረዋል፤ ፓምፑ ሮቶው ባዶ ሲሆን በደረቁ እንዳይሠራ የሚያደርገው ይህ ፍሎተር ነው። ምልክቱ ግን የቀድሞውን ጽሑፍ እንደያዘ ቀርቷል። የትኛውም መመርመሪያ ይህን አይነግርም፤ መመርመሪያዎቹ ምልክቱን ከሰዋስውና ከመዝገበ ቃላት ጋር ያስተያያሉ እንጂ ከገጹ ዐረፍተ ነገሮች ጋር አያነጻጽሩም።

የተወሰዱ ውሳኔዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ ስለ `HowTo` ነበር። ጎግል አቀራረቡን ሲያቆም፣ ምልክቱን ከገጽ ላይ ማንሣት ግዴታ እንዳልሆነና በጥቅም ላይ ያልዋለ ምልክት ለፍለጋ ችግር እንደማይፈጥር ገልጿል። ከዚህ አንጻር ምልክቱን መተው ይቻል ነበር። እኔ ግን እንዲነሣ መከርኩ። ምክንያቴ ጎግል ሳይሆን የጥገናው ሥራ ነው፤ በእጅ የሚጻፍ ምልክት መመሪያው በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ አለበት፣ ማንም ስለማያየው ግን የሚያስታውሰው የለም። ምልክቱ ከገጹ ጽሑፍ በራሱ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ እንዳለ እንዲቀመጥ እስማማ ነበር።

ጥያቄና መልሱን በተመለከተ ምልክቱ በማስተማሪያው ገጽ ላይ ብቻ እንዲቀር፣ ከሸቀጥ ገጾቹ ሁሉ እንዲወጣ፣ ጥያቄዎቹም በስልክ ላይ ተጣጥፈው እንዲታዩ ተደረገ። የሚመነጨው በፕለጊኑ ስለሆነና ከሚታየው ጽሑፍ ጋር ስለሚሄድ ወጪ የለበትም። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ከዚህ ምልክት ምንም ዓይነት ልዩ አቀራረብ እንዳይጠብቁ ደግሜ አስረዳኋቸው።

ሦስተኛው ውሳኔ ከምልክት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለገጹ የበጀው ግን እርሱ ይመስለኛል። የአፈጻጸም ሪፖርቱ ሰዎች ወደ ገጹ የሚደርሱባቸውን የፍለጋ ቃላት ያሳያል። አብዛኞቹ ስለ አገጣጠም የሚጠይቁ ሳይሆኑ የብልሽት መግለጫዎች ነበሩ፤ ፓምፑ ይሠራል ውሃ ግን አያወጣም፣ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ፓምፑ አይጠፋም የሚሉና የመሳሰሉት። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በገጹ ላይ ቢኖርም በስልክ የሚፈልግ ሰው ዘንድ አይደርስም ነበር፤ ከላይ እንደተገለጸው ክፍሉ በስልክ ላይ አይታይም ነበር። ከዚህም በላይ መልሶቹ «እንደ ሁኔታው ይለያያል፣ ይደውሉልን» የሚል መንፈስ ነበራቸው።

ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ውስጥ በብዛት የሚፈለጉት ወደ ገጹ መሐል እንዲወጡ፣ እያንዳንዱ በራሱ ንዑስ ርእስ ሥር እንዲቀመጥና መልሱ ከርእሱ ሥር ባለው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዲገኝ አደረግን። ለምሳሌ ፓምፑ እየሠራ ውሃ ካላወጣ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በመሳቢያው ቱቦና በፓምፑ ሆድ ውስጥ የገባ አየር እንደሆነ፣ ፓምፑን አጥፍቶ ከላይ ባለው መሙያ ቀዳዳ ውሃ እስኪሞላ መጨመር እንደሚገባ፣ ከተሞላ በኋላ ውሃው ደጋግሞ ከጎደለ ደግሞ የፉት ቫልቩ ወይም የቱቦው መጋጠሚያ እንደሚያፈስ ተጻፈ። በዚያው ላይ ፓምፑ ከሚስበው ውሃ በላይ ብዙ ከፍ ብሎ እንዳይቀመጥ የሚያሳስብ ዐረፍተ ነገር ጨመርን፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ስለሆነ ፓምፕ ከታች ሊስብበት የሚችለው ጥልቀትም ያንሳል፤ በፓምፑ ካርቶን ላይ የታተመው ቁጥር ይህን አይቆጥርም። ይህን የተናገሩት የመደብሩ የረጅም ጊዜ ደንበኛ የሆኑ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ፤ በእኔ አስተያየት በገጹ ላይ ካለው ሁሉ ጠቃሚው እርሱ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የጥያቄና መልሱ ተዘርጊ አቀራረብ አልተመለሰም፤ እንደማይመለስም ቀድመን ስለተናገርን ያስገረመው ሰው የለም። የማይነበበው ምልክት መታረሙም በውጤት ገጽ ላይ ያመጣው የሚታይ ለውጥ የለም። ተደጋጋሚው ምልክት ከሸቀጥ ገጾቹ መውጣቱም እንዲሁ፤ ጥቅሙ ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ነገር መወገዱ ብቻ ነው።

የብልሽት ጥያቄዎቹ ወደ ሚታየው ጽሑፍ ከወጡ በኋላ ግን ገጹ ለእነዚያ የፍለጋ ቃላት መታየትና መጠቀስ ጀመረ፤ ፓምፑ ውሃ አያወጣም ለሚለው ፍለጋም በውጤቱ ሥር የሚወጣው አጭር ጽሑፍ ከአዲሱ አንቀጽ የተወሰደ ሆነ። ጎግል ይህን ጽሑፍ የሚመርጠው ከገጹ ከሚታየው ይዘት ነው፤ የጥያቄና መልስ ምልክት መኖር ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ለዚህ ውጤት ሙሉ ምስጋናውን ለአንድ ለውጥ ብቻ መስጠት ግን አልችልም፤ ክፍሉ በስልክ ላይ መታየት የጀመረውና ጽሑፉ የተሻሻለው በአንድ ጊዜ ስለሆነ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በተጨማሪ አንድ ሌላ ምልክት ሞክረናል። መደብሩ የአገጣጠሙን ሂደት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ስላለው በማስተማሪያው ገጽ ግርጌ ላይ የነበረውን ቪዲዮ `VideoObject` በተባለው ምልክት ገለጽነው፤ ስሙን፣ የሽፋን ምስሉንና የተጫነበትን ቀንም አሟላን። የቪዲዮው ምስል በውጤቱ ጎን አልወጣም። ጎግል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመደበኛ ውጤቶች ላይ የቪዲዮ ምስል የሚያሳየው ቪዲዮው የገጹ ዋና ይዘት ሲሆን ስለሆነ፣ ረጅም ጽሑፍ ሥር የተቀመጠ ቪዲዮ አይበቃም። ቪዲዮው ለብቻው ገጽ ተሠርቶለት ከላይ ሲቀመጥ ግን የዚያ ገጽ ውጤት ምስሉን ይዞ ወጣ። እዚህም ላይ በሁለቱ ገጾች የነበረው ምልክት ያው አንድ ነበር፤ የተለየው የቪዲዮው ቦታ ነው።

ለሌሎች ሥራዎች የሚሆን ትምህርት

አንድ ምልክት አልታይ ሲል የምርመራው ቅደም ተከተል ከዚህ ጉዳይ ሊወሰድ ይችላል። በመጀመሪያ የሚታየው የማይነበብ ጽሑፍ መኖሩ ነው፤ በአማርኛ ገጽ ላይ ከጥቅስ ውጭ የገባ የግዕዝ ነጥብ ካለ መፈለግ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ሁለቱ መመርመሪያዎች ይነጻጸራሉ። ሁለቱም ካነበቡት ቀጥሎ የሚጠየቀው አቀራረቡ ለምን ዓይነት ድረ ገጽ ክፍት እንደሆነ ነው፤ ይህ መልስ የሚገኘው በመመርመሪያው ላይ ሳይሆን የፍለጋ ሞተሩ ስለዚያ አቀራረብ ባወጣው ሰነድና በሰነዱ የለውጥ መዝገብ ላይ ነው። አስቀድሞ ይታይ የነበረ ነገር ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ማንንም ከመውቀስ በፊት በአቀራረብ ዓይነት የተለየው መስመር የወደቀበትን ቀን በድረ ገጹ ላይ ለውጥ ከተደረገበት ቀን ጋር ማስተያየት ይገባል። መረጃው ከ16 ወር በኋላ ስለማይገኝ፣ እንዲህ ያለ ክርክር በሚጠበቅበት ቦታ ሪፖርቱን በየጊዜው አውጥቶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

የውሉ ጉዳይ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ባለሙያ ሊያስረክብ የሚችለው የሚነበብ፣ ከገጹ ጽሑፍ ጋር የሚስማማና ለጎብኚው ከሚታየው ያልዘለለ ምልክት ነው፤ እነዚህን ሦስቱን አስረካቢም ተረካቢም በአንድ መቀመጫ ማረጋገጥ ይችላሉ። ልዩ አቀራረቡ መታየቱን ግን ማንም ሊያስረክብ አይችልም፤ ጎግል ራሱ ትክክለኛ ምልክት መኖሩ ለመታየት ዋስትና እንዳልሆነ በመመሪያው ይናገራል። መደብሩና ባለሙያው ባደሱት ውል ላይ የተያያዘው ምስል ወጥቶ፣ በምትኩ የርክክቡ ቀን የሁለቱ መመርመሪያዎች ውጤት ታትሞ እንዲያያዝ፣ የማስተማሪያው ጽሑፍ በተለወጠ ቁጥርም ምልክቱ አብሮ መፈተሹ የወር ጥገናው አካል እንዲሆን ተስማምተዋል።